በርበሬና እርድ ባዕድ ነገር እንዳለበት በፎቶ ይታወቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲሱ በርበሬ ገበያ ሲወጣ ስልኬ በቀይ ፎቶ ይሞላል። ምግብ ምርመራ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ዘመድም፣ የዘመድ ጎረቤትም ይልክልኛል። «እስኪ እይልኝ፣ ሸክላ አለበት?» «ይሄ እርድ አልበዛም ቢጫነቱ?» ጥያቄው ስለሚመሳሰል መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። የማወራው በዋናነት ስለተፈጨ በርበሬ ነው። ስለ እርድም ወደ ታች አለ።

ፎቶ አይታችሁ ባዕድ ነገር እንዳለበት መናገር ትችላላችሁ?

አንዳንዴ «ይሄ ያጠራጥራል» ማለት ይቻላል። «ይሄ ንጹሕ ነው» ማለት ግን ፈጽሞ አይቻልም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በርበሬ ላይ የሚጨመሩት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። የተፈጨ ሸክላ ወይም ቀይ አፈር በብዛት ካልገባ ለሻጩ አያተርፍም። ስለዚህ ዕድል ከቀናን ዓይን ሊይዘው ይችላል። ቀለም ግን በጣም በትንሹ ነው የሚገባው፤ ሥራውም በርበሬ መምሰል ነው። ፎቶ ላይ የሚያምረው እንዲያውም እሱ ነው።

ድሮ እንዲህ አልጠነቀቅም ነበር። አንዴ አንዲት ጎረቤቴ የላከችልኝን ፎቶ አይቼ «ጥሩ ይመስላል፣ ግዢው» አልኳት። ቀለሙ ደማቅ፣ ልመቱም የሚያምር ነበር። አምስት ኪሎ ገዛች። ወጥ ስትሠራበት ጥርስ ስር ይንኮሻኮሽ ጀመር። ብርጭቆ ውስጥ አጥበን ስናየው ስሩ ላይ ቀይ ደለል ቀረ። ያ ሸክላ ከበርበሬው ጋር አብሮ ተፈጭቶ፣ የበርበሬው ዘይት አቅልሞት ነበር። ማንም በፎቶ አያየውም። ከዚያ ወዲህ «ጥሩ ይመስላል» የሚለውን ቃል ለማንም አልጻፍኩም።

እሺ፣ ፎቶውን እንዴት ላንሳው?

አብዛኛው የሚደርሰኝ ፎቶ ማታ፣ ኩሽና አምፖል ስር፣ ፌስታሉ ውስጥ እንዳለ የተነሳ ነው። ከዚያ ምንም ማለት አይቻልም። ቢጫ አምፖል በርበሬውን ሸክላ ያስመስለዋል፤ ነጭ አምፖል ደግሞ ያጠቁረዋል። ስልኩም በራሱ ቀለም ያደምቃል።

ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ሁኑ፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይረፍበት። ፍላሽ ይጥፋ። ነጭ የጽሕፈት ወረቀት ዘርጉ። አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጠብ አድርጉና በቢላ ጀርባ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ወረቀቱ በመሐል በመሐል እስኪታይ። አጠገቡ ደግሞ ሌላ በርበሬ አድርጉ። ከየት እንደመጣ የምታውቁትን፣ እቤት ያስፈጫችሁትን። ሁለቱ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ ይግቡ። ያለ ማነጻጸሪያ የተነሳ ፎቶ የሚያወራው ስለ አምፖሉ እንጂ ስለ በርበሬው አይደለም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ደማቅ ቀይ ለስልክ ካሜራ በጣም ከባድ ቀለም ነው። ብርሃኑ ትንሽ ከበዛ ቀዩ ሁሉ አንድ ላይ ይቀልጥና ቅንጣቱ ከቅንጣት አይለይም። ልክ ቀይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይመስላል። ስለዚህ ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ ፎቶው ጨለም ያለ ቢመስልም ይሻላል። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና የምንፈልገው ደቃቁ ነገር ይጠፋል።

በጣም ቀይ ነው። ቀለም ተጨምሮበታል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። የበርበሬ ቅላት የሚመጣው ከብዙ ነገር ነው። የማረቆ በርበሬ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ጥልቅ ቅላት አለው። ሌላ አካባቢ የበቀለው ብርቱካናማ ሊያደላ ይችላል። ዛላው ሳይታመስ የተፈጨ ደማቅ ይሆናል፤ የታመሰው ይጠቁራል። ፍሬው ወጥቶ የተፈጨ ይቀላል፤ ከነፍሬው የተፈጨ ወደ ቢጫ ይገረጣል። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የበዛበትም ይጠቁራል። ፀሐይ ላይ ብዙ የቆየ፣ ወይም በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተደርጎ መደርደሪያ ላይ ወራት የሰነበተ ይነጣል። ብርሃን የበርበሬን ቀለም ይበላዋልና።

ትንሽ የሚያጠራጥረኝ ቀለሙ ሳይሆን የቀለሙ አንድ ዓይነትነት ነው። ወንፊቱ ሰፋ ባለ ወፍጮ የተፈጨ በርበሬ ስስ ተደርጎ ሲዘረጋ የተለያየ ነው። የሚያብረቀርቅ የልጣጭ ስባሪ አለ፤ ገረጣ ያለ የፍሬ ፍርፋሪ አለ፤ ጥቁር ነጥብ አለ። ፍሬው ሳይቀር ቀይ ከሆነ «እንዴ!» እላለሁ። ይሄም ቢሆን ማስረጃ አይደለም። እጅግ ልሞ የተነፋ በርበሬ ላይ ዘይቱ ሁሉንም ስለሚያቀልም ልዩነቱ ይጠፋል።

በተቃራኒው ደግሞ የገረጣ በርበሬ አይታችሁ «ዱቄት ቀላቅሎበት ነው» ብላችሁ ከባለ ሱቁ ጋር አትጣሉ። ያስረጀው ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ጓጉሏል። ምን ገብቶበት ነው?

ብዙ ጊዜ የገባው ውኃ ነው። የእኛ በርበሬ ደግሞ ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱም በርበሬ ብቻ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ዝንጅብል አለ፣ ጨው አለ። ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በደንብ ሳይደርቁ ከተፈጩ እርጥበታቸውን ይዘው ይገባሉ። ጨው ደግሞ የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲያልፍ ከአየሩ ውኃ መሳብ ይጀምራል። የክረምት ኩሽና ይሄን ቁጥር በቀላሉ ያልፈዋል።

ፎቶ ላይ ጓል ታያላችሁ፤ የጓሉን ዓይነት ግን አታዩም። እሱ በጣት ነው የሚታወቀው። ጓሉን በሁለት ጣት ጫን በሉት። ለስልሶ ተበትኖ ጣት ላይ ቀይ ቅባት ከተወ የበርበሬው የራሱ ዘይት ነው፤ ወፍጮው በጣም ሞቆ ሲፈጭ ይሄ ይታያል። ጠንከር ብሎ ቆይቶ ድንገት ከተሰበረ እርጥበትና ጨው ነው። እንደ ጭቃ ተጨምቆ የጣት አሻራ ከያዘ ገና እርጥብ ነው። ሲሰበር አሸዋ አሸዋ ካለ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ እንሂድ።

ውኃ በራሱ ማጭበርበሪያም ነው። ዛላው ወይም ዱቄቱ ሚዛን እንዲያነሳ ይረጫል። ይሄን ቤት ውስጥ ባለ ሚዛን በግምት ማወቅ ይቻላል። 200 ግራም መዝናችሁ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ፣ ደረቅ ቀን፣ ጥላ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ 180 ግራም ከሆነ ከአሥር እጁ አንዱን የከፈላችሁት ለውኃ ነው። በደንብ የደረቀ በርበሬ ግን በዚህ መልክ ብዙም አይቀንስም። ለንግድ የሚቀርብ የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሚፈቀደው ጠቅላላ እርጥበት በዓለም አቀፉ ደረጃ 11 በመቶ ገደማ ነው።

ሸክላ ወይም ቀይ አፈር ካለበት በፎቶ ይታያል?

ሸካራ ሆኖ ከገባ፣ አዎ። የበርበሬ ልጣጭ ስባሪ ሳሳ ያለና ጠፍጣፋ ነው፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣበት ያብለጨልጫል። የሸክላ ቅንጣት ድፍን፣ ማዕዘን ያለው፣ ደብዛዛ ነው። ፎቶውን አስፍታችሁ ስታዩ አንዳንዱ ቅንጣት እያበራ ሌላው እንደ ድንጋይ ዝም ካለ ያ ልዩነት ቁምነገር ነው። ልሞ ከተፈጨ ግን ጎረቤቴ ላይ የደረሰው ይደርሳል።

ስለዚህ ለሸክላ ከፎቶ ይልቅ ማጠብን አምናለሁ። እህል ከአሸዋ የምናጥብበት ዘዴ ነው፤ እናቶቻችን ምስር ሲያጥቡ የሚያደርጉት። እንዲህ ነው የማደርገው።

20 ግራም በርበሬ መዝኜ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ እጨምራለሁ። ለብ ያለ ውኃ ሞልቼ በደንብ አማስላለሁ፤ ዘይቱ አየር ይዞ ስለሚያንሳፍፈው በደንብ መራስ አለበት። ከዚያ ቀስ በቀስ እስከ አሥር ቆጥሬ ላይ ያለውን ድፍርስ እደፋለሁ። ስር የቀረውን አልነካም። እንደገና ውኃ፣ እንደገና ማማሰል፣ እንደገና መድፋት። አምስት ስድስት ጊዜ። በርበሬው ቀላል ስለሆነ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ጨው ይሟሟል። ሸክላ፣ አፈርና አሸዋ ከባድ ስለሆኑ ስር ይቀራሉ። የቀረውን በነጭ ሰሃን ላይ ገልብጬ በጣቴ አሻለሁ።

መጨረሻ ላይ ጥቂት የአሸዋ ቅንጣት ቢቀር አትደንግጡ። በርበሬ መሬት ላይ ተሰጥቶ ነው የሚደርቀው፤ የድንጋይ ወፍጮም ይፈረፈራል። የተንኮል ሸክላ ግን ከዚያ ይበዛል። ሻጩ ከመቶ አምስት እንኳ ቢጨምር ከ20 ግራሙ ውስጥ 1 ግራም ሸክላ ነው። 1 ግራም ደለል በብርጭቆ ስር በግልጽ ይታያል። የምታምኑትን በርበሬም ጎን ለጎን እንደዚሁ እጠቡት፤ ያኔ የሁለቱ ልዩነት ራሱ ይናገራል።

ላቦራቶሪም የሚሄደው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ የጠራ ነው እንጂ። ናሙናውን እስከ 550 ዲግሪ አቃጥሎ አመዱን ይመዝናል፤ ከዚያ አመዱን በአሲድ ያጥባል። ጨው በበዛበት የእኛ በርበሬ ላይ ጠቅላላ አመዱ ብቻውን ያሳስታል፤ ጨውም አመድ ሆኖ ይቆጠራልና። በአሲድ ያልሟሟው ነው አሸዋውንና ሸክላውን የሚያሳየው። ላቦራቶሪ ከሄዳችሁ «በአሲድ የማይሟሟ አመድ» ብላችሁ ጠይቁ።

ውኃ ላይ ጠብ ሳደርገው ቀለሙ ካልለቀቀ ንጹሕ ነው፣ አይደል?

አይደለም። ይሄ ከሁሉም ጥያቄ በላይ የሚያሳስበኝ ነው፤ ብዙ ሰው ይሄን ፈተና በሚያሳዩ ቪዲዮዎች ስለሚታለል።

በርበሬን የሚያቀላው የተፈጥሮ ቀለም ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይት ውስጥ ነው የሚሟሟው። ለዚህ ነው ቁሌት ላይ ዘይቱ የሚቀላው። ስለዚህ በርበሬውን ውኃ ላይ ጠብ ስታደርጉ ወዲያው ቀይ ጅረት ወደ ታች ከወረደ በውኃ የሚሟሟ ቀለም ተጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ መጠርጠር ተገቢ ነው። ንጹሕ በርበሬም ቆይቶ ቆይቶ ውኃውን ቢጫ ቡናማ ያደርገዋል፤ እሱ ሌላ ነው።

ችግሩ ግን ሱዳን የሚባሉት የኢንዱስትሪ ቀለሞች ላይ ነው። ስማቸው ነው እንጂ ከአገሩ ጋር አይገናኙም። ለሰም፣ ለዘይትና ለጫማ ቀለም የተሠሩ ናቸው፤ ለምግብ አይፈቀዱም። እነሱም እንደ በርበሬው ራሱ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ዘይት ውስጥ ይሟሟሉ። በውኃ ፈተና ላይ ፀጥ ይላሉ። «ዘይት ላይ ልሞክረው» ብትሉም ሁለቱም ዘይቱን ያቀሉታል።

ይሄ በዓለም ላይ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ከሕንድ በመጣ የተፈጨ በርበሬ ላይ ሱዳን 1 ተገኘና የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት የምርመራ ማስረጃ የሌለው በርበሬ እንዳይገባ አገደ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ቀለሙ ያለበት በርበሬ አንድ ሶስ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሶሱ ደግሞ ሌላ ምግብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ወረዱ። ያንን በርበሬ ነጋዴው አይቶታል፣ ፋብሪካው አይቶታል፣ በላተኛውም አይቶታል። የያዘው ክሮማቶግራፊ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ይለያያቸዋል። ዓይን ያንን ማድረግ አይችልም፤ ካሜራም አይችልም።

አንድ እውነተኛ ፎቶ አይታችሁ እንዴት እንደምትፈርዱ አሳዩን።

ሜሪላንድ የምትኖር እህት ናት። ዘመዷ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዞላት መጣ። ፎቶው ላይ በርበሬው ጥቁር ቡናማ ነው፤ የጎመን ፍሬ የሚያክሉ ጓሎችም አሉበት፣ አንዳንዱ እንደ ሽምብራ ይተልቃል። «ሸክላ አብልተውኛል» ብላ ነው የጻፈችልኝ። እቤት የሠሩላት አክስቷ ስለነበሩ ነገሩ ከባድ ነበር።

መጀመሪያ ሰዓቱን ጠየቅኋት። ማታ ነው ያነሳሁት አለች። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ አምና ከመጣላት ቀሪ በርበሬ ጎን እንድታነሳው ነገርኳት። አዲሱ ፎቶ ሲመጣ ጥቁረቱ ግማሹ ጠፋ። ከአምናው ትንሽ ጠቆር ይላል፤ ግን አምና ያስፈጩት ሳያምሱ ነበር፤ ዘንድሮ አምሰውታል። ስልክ ደውላ ከአክስቷ አረጋግጣለች።

ቀጥሎ ጓሉ። ጨምቃ እንድታየው ነገርኳት። ጠንከር ብሎ ቆይቶ ተሰበረ፤ ውስጡ ልም ነው፤ አሸዋ የለውም። የታች ፌስታሉ ከላዩ ይበልጥ ጓጉሏል። እንዴት እንደከፈተችው ጠየቅኋት። ሻንጣው በክረምት፣ በበረዶ ከውጭ ገብቶ ወዲያው ነው ሞቃት ኩሽና ውስጥ የተከፈተው። ቀዝቃዛ ነገር በሞቃት ክፍል ውስጥ ሲከፈት ላብ ያወጣል። በርበሬው ላይ ጨው አለ። ጨው ያንን ውኃ ጠጣ።

ለሸክላው 20 ግራም አጠበች። የቀረው ጥፍር ላይ የሚያርፍ ጥቂት አሸዋ ነው፤ የአምናውም ያንኑ ያህል ተወ።

ስለዚህ ምን አልኳት? «ሸክላ አለበት ለማለት የሚያበቃ ነገር አላየሁም፤ ጓሉን እርጥበት ያብራራዋል፤ ጥቁረቱን ማመሱ ያብራራዋል። ዘርግተሽ አድርቂና ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አኑሪው።» ስለ ቀለም ወይም ስለ ሻጋታ መርዝ ግን ምንም አላልኳትም። እዚያ ያሳመናት በርበሬውን ማን እንደሠራው ማወቋ ነው፤ ፎቶው አይደለም።

እርዱ በጣም ቢጫ ነው። አደጋ አለው?

እርድ ላይ ዓይኔን ከበርበሬ ይልቅ ያነሰ አምነዋለሁ። ጉዳቱም የከበደ ነው።

እርድ ላይ ከሚጨመሩት ሁሉ የከፋው ሊድ ክሮሜት የሚባል ደማቅ ቢጫ ዱቄት ነው። የቀለም ፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ውስጡ እርሳስ አለ። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ በማብሰልም አይጠፋም። በደንብ የተጠናው ባንግላዴሽ ውስጥ ነው። የደረቀው የእርድ ሥር ሲወለወል ቀለሙ ደምቆ እንዲሸጥ ይረጩበት ነበር። ልማዱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጎርፍ ሰብሉን አርጥቦ ሥሩ ስለጠቆረ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩን ይፋ ሲያደርጉ ከገበያ ከተወሰዱት ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ነበረባቸው። መንግሥት ነጋዴዎችን ቀጣ፣ በየገበያው ማስጠንቀቂያ ለጠፈ፣ በእጅ በሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ገበያ ላይ እየዞረ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዜሮ ወረደ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው፤ ፎቶ ለምን እንደማያየው የሚያሳየው እሱ ነው። ሊድ ክሮሜት ከክብደቱ 64 በመቶ ገደማ እርሳስ ነው። ባንግላዴሽ ለእርድ የምትፈቅደው ጣሪያ በኪሎ 2.5 ሚሊግራም እርሳስ ነው። ያንን ጣሪያ ለመንካት በአንድ ኪሎ እርድ ውስጥ 4 ሚሊግራም ያህል ዱቄት ይበቃል። አንድ ቁንጥር ጨው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ነው። ከቁንጥር መቶኛ ያህሉ በአንድ ኪሎ ቢጫ ዱቄት ውስጥ ሲበተን ማን ያየዋል? ቀለም ለማድመቅ በርግጥ ከዚያ የበዛ ነው የሚጨመረው። ቢሆንም በኪሎ 1 ግራም ገብቶ ከጣሪያው ከ250 እጥፍ በላይ ያለፈ እርድ እንኳ ፎቶ ላይ «ጥሩ እርድ» ይመስላል።

የእኛ አገር እርድ፣ ለምሳሌ ከቴፒ አካባቢ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ወደ ብርቱካናማ ቡናማ ያደላል። የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ብሩህ ቢጫ ሳይ «ከየት መጣ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ግን የሚመራኝ ወደ ምርመራ ነው እንጂ ወደ ፍርድ አይደለም። ሥሩን ሳይፈጭ ብገዛስ ለምትሉ፣ ባንግላዴሽ ላይ የተቀባው ሥሩ ራሱ ነበር። ስትይዙት እጃችሁ ላይ ብዙ ቢጫ ዱቄት የሚያራግፍ፣ ሲሰበር ግን ውስጡ የማይመስለው ሥር ካጋጠማችሁ ተዉት።

እርዱ ሳሙና ሲነካው ቀላ። ቀለም ነው?

ጤነኛ እርድ የሚያደርገው ይሄንን ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ነገር ሳሙናም ሆነ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል። ነጠላ ላይ እርድ ፈሶ በሳሙና ያጠበች ሁሉ ታውቀዋለች። ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ይመለሳል።

እርድ አሲድ ሲጨመርበት ሮዝ ከሆነ ቀለም አለበት የሚለው ቪዲዮ ደግሞ ስለ ሌላ ቀለም ነው፤ ሜታኒል የሎው ስለሚባለው። ብርቱ አሲድ ንጹሕ እርድንም ለጊዜው ሊያቀላው ይችላል፤ እርሳሱን ደግሞ ጭራሽ አያሳይም። የባትሪ አሲድ ኩሽና ውስጥ አስገብታችሁ እንዳትሞክሩ አደራ። ዓይን ያጠፋል።

ሻጋታ ካለበት ይታያል?

ነጭ ወይም አረንጓዴ ድር የመሰለ ነገር ከታየ ይጣል፤ መንፋት አያድነውም። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ውስጥ ከመርዙ ዋነኛ ዓይነት የሚፈቅደው በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ የሚሊግራም ሺኛ እየተቆጠረ ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ዛላውን ከመፈጨቱ በፊት ማየት ነው። ሲቀነጠስ ሁለት ሦስቱን ሰንጥቁ። ውጭው የሚያምር ሆኖ ውስጡ ግራጫ የሆነ ዛላ አለ። ሲፈጭ ያ ሁሉ ይደበቃል።

ጠርጥሬያለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

አትብሉት፣ አትጣሉትም። ከፌስታሉ ላይ፣ መሐልና ታች ወስዳችሁ 200 ግራም ያህል በንጹሕ ብርጭቆ ማሰሮ አሽጉ። የገዛችሁበትን ቀንና ቦታ ጻፉበት። ደረሰኝ ወይም የማሸጊያ ጽሑፍ ካለ አብሮ ይቀመጥ። አገር ቤት ከሆናችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ወይም ለክፍለ ከተማው ተቆጣጣሪ አመልክቱ። በራሳችሁ ገንዘብ ማስመርመር ከፈለጋችሁ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትን መጠየቅ ይቻላል። የምትጠረጥሩትን ለይታችሁ ንገሩ። «መርምሩልኝ» ብቻ ካላችሁ የትኛውን ምርመራ ይሥሩ? ለሸክላ አመድ ነው፣ ለሱዳን ክሮማቶግራፊ ነው፣ ለእርድ የእርሳስ መለኪያ ነው። አንዱ የሌላውን አያሳይም።

ፌስቡክ ላይ የሱቁን ስም ጠቅሶ ፎቶ መለጠፍ ግን ከምርመራው በኋላ ይሁን። በአንድ መጥፎ አምፖል ምክንያት የሰው እንጀራ ሲዘጋ አይቻለሁ።

በርበሬ እሸጣለሁ። ፎቶውን አይታችሁ «ንጹሕ ነው» ብላችሁ ትጽፉልኛላችሁ?

አልጽፍም፤ ከላይ እንዳልኩት ፎቶ ያንን አያውቅም። የሚጠቅማችሁ ሌላ ነገር ነው። ባስፈጫችሁ ቁጥር 100 ግራም አሽጉና ቀኑን፣ ዛላው የመጣበትን አካባቢና ወፍጮ ቤቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ብዙ ስታስፈጩ ከዚያው አንዱን ላቦራቶሪ ላኩ። ደንበኛ ሲጠይቃችሁ ከፎቶው ይልቅ ያንን ወረቀት አሳዩት።